ትሬንች ኮቱ የቱ ነው? ከኮሌታ እስከ ትከሻ የሚነበብ ካፖርት

እ.ኤ.አ. በ1942 ለእይታ በበቃው «ካዛብላንካ» ፊልም መጨረሻ ላይ ሪክ የተባለው ገጸ ባሕርይ ጭጋግ በዋጠው አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ የሚወዳትን ሴት ይሸኛል። ተዋናዩ ሃምፍሪ ቦጋርት በዚያ ትዕይንት የለበሰው ካፖርት ሰፊ ኮሌታ፣ በሁለቱም ትከሻ ላይ የተቆለፈ ማሰሪያና ወገብ ላይ የተቋጠረ ቀበቶ አለው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ደግሞ ፒተር ፎክ መርማሪው ሌተና ኮሎምቦን ሆኖ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ብቅ አለ። እሱም የተጨማደደ፣ አፈር የመሰለ ካፖርቱን ክረምት ከበጋ ሳያወልቅ ነፍሰ ገዳዮችን ሲያፋጥጥ ኖረ። ሁለቱንም የሚያስታውስ ተመልካች ብዙውን ጊዜ «ያው የመርማሪ ካፖርት ነው» ብሎ ባንድ ይጠቀልላቸዋል።

ልብስ ሰፊ ግን አንድ ናቸው አይልም። የቦጋርት ትሬንች ኮት ነው፤ የኮሎምቦ ተራ የዝናብ ኮት ነው። የመርማሪው ካፖርት ቀበቶ የለውም፤ ትከሻው ላይ የተቆለፈ ነገር የለም፤ ቁልፎቹም የተደረደሩት በአንድ መስመር ነው። ቀለማቸው ቢቀራረብም፣ ሁለቱም ለዝናብ ቢለበሱም፣ የተቆረጡት ለተለያየ ሥራ ነው። ያንን ሥራ ያወቀ ሰው ካፖርቱን ከአንገቱ ጀምሮ ወደታች እያየ የየቱ ወገን እንደሆነ መለየት አያቅተውም።

ከምሽግ የወጣ ልብስ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የብሪታንያ ወታደር ብርድ የሚከላከለው ከወፍራም ሱፍ በተሰፋ ረጅም ካፖርት ነበር። ሱፍ ይሞቃል። ውሃ ሲጠጣ ግን ይከብዳል፤ የምሽግ ጭቃ ከግርጌው ሲለጠፍበት ደግሞ የለበሰውን ሰው እርምጃ ያስረዋል።

ከሱፍ ሌላ የነበረው አማራጭ የጎማ ልብስ ነው። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1823 በሁለት ጨርቆች መካከል የሟሟ ጎማ ቀብቶ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ የሚሠራበትን ዘዴ በስሙ አስመዝግቦ ነበር። ጎማው ዝናቡን ውጭ ያስቀረዋል፤ ላቡን ደግሞ ውስጥ ያስቀረዋል። የመጀመሪያዎቹ የጎማ ልብሶች ሙቀት ሲያገኛቸው ይጣበቃሉ፣ ብርድ ሲያገኛቸው ይገተራሉ፣ ሽታቸውም ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ጎማን በድኝ የማብሰል ዘዴ ከመጣ ወዲህ መጣበቁና መገተሩ ቢቀንስም፣ ላብ የማፈኑ ነገር አልተፈታም። ዛሬ በአንድ ረድፍ ቁልፍ የሚዘጋው ተራ የዝናብ ኮት ከዚህ ቤተሰብ ይመዘዛል፤ እንግሊዞችም እስከ ዛሬ ማንኛውንም የዝናብ ኮት በማኪንቶሽ ስም አሳጥረው «ማክ» ይሉታል።

በሱፍና በጎማ መካከል የገባው ጋባርዲን ነው። በደቡብ እንግሊዝ በቤዚንግስቶክ ከተማ የልብስ ሱቅ የነበረው ቶማስ በርበሪ ጋባርዲንን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1879 ሲሆን፣ መብቱን ያስመዘገበው በ1888 ነው። ብልሃቱ ያለው ክሩ ላይ ነው። ውሃ እንዳይጠጣ የሚታከመው የተሸመነው ጨርቅ ሳይሆን ገና ያልተሸመነው ክር ነው። ከዚያም ክሩ ሰያፍ መስመር እያወጣ በጣም ጥቅጥቅ ብሎ ይሸመናል። የዝናብ ጠብታ በላዩ ይንሸራተታል፤ የሰውነት እንፋሎት ግን በክሮቹ መካከል ማምለጫ አያጣም። ጨርቁ ከሱፍ ካፖርትም በጣም ይቀላል።

በርበሪ እ.ኤ.አ. በ1912 «ታይሎከን» የተባለ ካፖርት አስመዘገበ። ካፖርቱ አንገት ላይ ካለችው አንዲት ቁልፍ በስተቀር በቀበቶ ብቻ የሚዘጋ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ይህን በመሰለ ቀላል ካፖርት ላይ የጦር መኮንን የሚያስፈልጉት ነገሮች አንድ በአንድ ተጨመሩበትና ትሬንች ኮት፣ ማለትም የምሽግ ካፖርት፣ ተባለ። አኳስኩተም የሚባለው ሌላው የለንደን ልብስ ሰፊ ቤትም ለመኮንኖች ተመሳሳይ ካፖርት ይሰፋ ስለነበር፣ ሁለቱም ቤቶች የመጀመሪያውን የሠራን እኛ ነን ይላሉ።

ልብሱ ለማን እንደተሰፋ ማወቅ ለመለየት ይጠቅማል። ትሬንች ኮት ከመንግሥት መጋዘን ለሁሉም የሚታደል ልብስ አልነበረም። የብሪታንያ መኮንኖች ልብሳቸውን በገንዘባቸው ስለሚያሰፉ፣ ካፖርቱን የሚገዙትም እነሱና ከፍተኛ ማዕረግ ያላቸው ባለ ሌላ ማዕረጎች ብቻ ነበሩ፤ ተራው ወታደር እንዲለብሰው አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሰሪያና ክዳን የተሰፋው ካርታ ለሚይዝ፣ በመነጽር ለሚያይ፣ በፈረስ ለሚጋልብና ማዕረጉ መታየት ላለበት ሰው ነው። ተራው የዝናብ ኮት ያለበት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ዝናብ ማስቀረት።

ኮሌታው ሲነሳ

መመርመር የሚጀመረው ከአንገት ነው። ኮሌታው ተኝቶ ሳለ ብዙ አይናገርም፤ መነሳት አለበት።

የትሬንች ኮት ኮሌታ ሰፊ ነው፤ በደረት ላይ ወደ ጎን የሚታጠፉ ትልልቅ ክንፎችም አሉት። በደህና ቀን ክንፎቹ እንደ ሱፍ ኮት ክንፍ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ይውላሉ። ንፋስና ዝናብ ሲመጣ ግን ይገለበጡና አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ እስከ ጉሮሮ ይቆለፋል። ይህ እንዲሆን ከክንፉ ጫፍ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ፣ ከወዲያኛው ወገን ደግሞ የሚቀበለው ቁልፍ ያስፈልጋል። የኮሌታው ሁለት ጫፎች አንገት ላይ የሚገናኙበት ቦታም ትንሽ የብረት መንጠቆና ማያዣ ይኖረዋል፤ ኮሌታው ከተነሳ በኋላ እንዳይከፈት የሚይዘው እሱ ነው።

ከኮሌታው በታች ሌላ ነገር መፈለግ ይገባል። በጥንቃቄ በተሰፋ ትሬንች ኮት ላይ ጉሮሮን አቋርጦ የሚቆለፍ አጭር ማሰሪያ አለ። የማያስፈልግ በሚሆንበት ቀን ከኮሌታው ሥር ተቆልፎ ይደበቃል። የኮሌታው የታችኛው ገጽ ብዙ ረድፍ ባለው ስፌት ተደጋግሞ የተሰፋ መሆኑም ይታያል። ይህ ስፌት ጌጥ አይደለም። የኮሌታው ጨርቅ ከውስጡ ድጋፍ ጋር አንድ ሆኖ እንዲጠነክርና ሲነሳ ተመልሶ እንዳይወድቅ ያደርገዋል።

ተራው የዝናብ ኮት ኮሌታው እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ታጥፎ የሚተኛ ነው። የሚገለበጥ ክንፍ የለውም፤ ቁልፎቹ ከታች ጀምረው በቀጥታ እስከ አንገት ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ ቁልፎቹ ከፊት እንዳይታዩ የሚሸፍናቸው ቁራጭ ጨርቅ ይደረግላቸዋል። ውሃ በቁልፍ ቀዳዳ በኩል እንዳይገባ የሚያደርግ ጥሩ ዘዴ ነው። ከዚህ ሌላ ተራ የዝናብ ኮት የራስ ቆብ ሊኖረው ይችላል፤ በመኮንን ካፖርት ላይ ግን ቆብ አልተሰፋም፤ መኮንኑ የወታደር ኮፍያውን አድርጓልና።

የደረቱ ክዳን

ሰው ሁሉ ቀበቶውን አይቶ «ትሬንች ኮት ነው» ይላል። ይበልጥ የሚናገረው ግን ከቀበቶው ከፍ ብሎ፣ ከትከሻ ወደ ደረት የሚወርደው ቁራጭ ጨርቅ ነው። ከላይ በትከሻና በብብት ስፌት ውስጥ ተይዟል፤ ከታች ግን ልቅ ነው፤ ጫፉ ላይም የቁልፍ ቀዳዳ አለው። አንዳንዶች የዝናብ ክዳን፣ አንዳንዶች የጠመንጃ ክዳን ይሉታል።

ሥራውን ለማየት ካፖርቱን እስከ ጉሮሮ መዝጋት ያስፈልጋል። በወንዶች ልብስ የግራው ፊት በቀኙ ላይ ስለሚደረብ፣ የግራው ክንፍ ጠርዝ የሚያርፈው በቀኝ ደረት ላይ ነው። ዝናብ ከትከሻ ወደታች ሲወርድ የሚያገኘው የመጀመሪያ ክፍተት ይህ ጠርዝ ነው። አሁን የደረቱ ክዳን ብድግ ይደረግና የግራው ክንፍ ከሥሩ እንዲገባ ተደርጎ ክዳኑ በላዩ ይቆለፋል። የቤት ቆርቆሮ ሲመታ የላይኛው በታችኛው ላይ እንደሚደረበው ሁሉ፣ ውሃው ከትከሻ ተነስቶ በክዳኑ ላይ አልፎ ከመገጣጠሚያው በታች ይወርዳል።

ከዚህ ሥራ አንድ ቀላል ሕግ ይወጣል። ክዳኑ መሆን ያለበት የውጭኛው ፊት ጠርዝ በሚያርፍበት ደረት ላይ ነው። ለወንድ በተሰፋ ካፖርት ቀኝ ደረት ነው። ለሴት በተሰፋና ቀኙ በግራው ላይ በሚደረብ ካፖርት ግራ ደረት መሆን ይገባዋል። በሁለቱም ደረት ላይ ክዳን ያላቸው ካፖርቶች አሉ፤ የሚሠራው ግን ጠርዙ ከሥሩ የሚገባበት ብቻ ነው። ክዳኑ በተሳሳተው ደረት ላይ ከተሰፋ ለመልክ የቀረ መሆኑን መናገር ይቻላል።

የጠመንጃ ክዳን የሚለው ስም ሌላ ታሪክ አስከትሏል። ጠመንጃ ሲተኮስ ሰደፉ ትከሻን እንዳይመታ ተብሎ የተደረበ ጨርቅ ነው ይባላል። ነገሩ አንድ እውነት ያዘለ ይመስላል፤ ክዳኑ ያለው ቀኝ ትከሻ አጠገብ ነውና። ሆኖም አንድ ድርብ ቀጭን የጥጥ ጨርቅ የጠመንጃ ግፊትን አያለዝብም፤ ልብሱን የሚለብሰው መኮንንም ወገቡ ላይ የሚታጠቀው በአብዛኛው ሽጉጥ ነበር። ከታች ልቅ ሆኖ መቆለፊያ የተበጀለትም ከሥሩ የሚገባ ነገር ስላለ ነው።

በተራ የዝናብ ኮት ላይ ይህ ክዳን አይኖርም። ፊቱ በአንድ ረድፍ ቁልፍ ስለሚዘጋና የሚገለበጥ ክንፍ ስለሌለው፣ ክዳኑ የሚሸፍነው ክፍተት ራሱ የለም።

ቀበቶና የእጅጌ ማሰሪያ

ቀበቶ ብቻውን ምስክር አይሆንም። የሴቶች ቀሚስ ቀበቶ አለው፤ የቤት ጋቢ መሳይ ልብሶች ቀበቶ አላቸው፤ ተራ የዝናብ ኮትም ወገብ እንዲያሳይ ሲባል ቀበቶ ይጨመርበታል። የትሬንች ኮት ቀበቶ የሚለየው አብረውት ባሉት ነገሮች ነው።

ቀበቶው ካፖርቱ ከተሰፋበት ጨርቅ ይሠራል፤ ሰፋ ያለ ሲሆን ዘለበቱ ብዙ ጊዜ በቆዳ ይለበጣል። በወገቡ ዙሪያ በጠንካራ ስፌት የተያዙ ማሾለኪያዎች አሉ። ቀበቶው ላይ ደግሞ ግማሽ ክብ የሆኑ የብረት ቀለበቶች ይንጠለጠላሉ። እነዚህ ቀለበቶች የእጅ ቦምብ ማንጠልጠያ ነበሩ የሚለው ወሬ በሱቅ አስተዋዋቂዎች ዘንድ ይወደዳል። ይህን ላለማመን ግን ቦምቡን የሚወረውረው ሰው ማን እንደነበር ማሰብ ይበቃል። ቦምብ ወርዋሪው በአብዛኛው ተራ ወታደር ነው፤ እሱ ደግሞ ይህን ካፖርት አይለብስም። የካርታ ቦርሳና የመሳሰሉ ዕቃዎች ማንጠልጠያ ነበሩ የሚለው ከለባሹ ሥራ ጋር ይስማማል።

ከወገብ ወደ እጅ ሲኬድ የእጅጌው ጫፍም ተመሳሳይ ትንሽ ቀበቶ አለው። ይህንን ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ያልፈዋል። መነጽር ይዞ በምሽጉ አፋፍ ሩቅ የሚያይ ሰው ግን ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል፤ እጅጌው ልቅ ከሆነ ዝናቡ ከእጁ አንጓ ተነስቶ እስከ ክርኑ ይወርዳል። ማሰሪያው ሲጠብቅ ያ ውሃ ደጅ ይቀራል። በተራ የዝናብ ኮት ላይ እጅጌው ሜዳ ነው፤ ወይም በአንዲት ቁልፍ የሚጠብብ ትንሽ ምላስ መሳይ ጨርቅ ይኖረዋል።

ትከሻውና ጀርባው

ትከሻ ላይ የሚታየው ጠፍጣፋ ማሰሪያ ኢፖሌት ይባላል። አንድ ጫፉ ከእጅጌው ጋር በሚያያዝበት ስፌት ውስጥ ገብቶ፣ ሌላው ጫፉ ኮሌታው አጠገብ በቁልፍ ይያዛል። በዚያ ዘመን የብሪታንያ መኮንን ማዕረግ በጃኬቱ እጅጌ ጫፍ ላይ ይሰፋ ስለነበር፣ ካፖርት ሲደረብበት ይሸፈን ነበር። ስለዚህ ማዕረጉ በካፖርቱ ትከሻ ላይ መታየት ነበረበት። ከዚህ ሌላ ማሰሪያው ሲከፈት ከሥሩ የመነጽር ወይም የቦርሳ ማንገቻ ያልፍና ተመልሶ ይቆለፋል፤ ማንገቻው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ተራ የዝናብ ኮት የሚይዘው ማዕረግም ማንገቻም የለውም፤ ትከሻው ባዶ ነው።

የእጅጌው አቆራረጥ ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው ውጭ ለመለየት አይረዳም። አንዳንድ ካፖርት እጅጌው እንደ ሱፍ ኮት ከትከሻ ጫፍ ላይ ይገጠማል። ሌላው ደግሞ ስፌቱ ከአንገት ተነስቶ በሰያፍ ወደ ብብት ይወርዳል። ይህ ሁለተኛው ራግላን ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1815 በዋተርሎ ጦርነት ቀኝ ክንዱን ካጣው፣ በኋላም በክራይሚያ ጦርነት የብሪታንያን ጦር ካዘዘው ከሎርድ ራግላን ነው። ራግላን እጅጌ ሰፋ ስለሚል በወፍራም ልብስ ላይ ለመደረብ ይመቻል። በትሬንች ኮትም ላይ፣ በተራ የዝናብ ኮትም ላይ ይገኛል።

ካፖርቱ ሲዞር ከሁለቱ ትከሻዎች ተነስቶ በጀርባ ላይ የሚወርድ አጭር ድርብ ጨርቅ ይታያል። ከላይ ተሰፍቷል፤ ከታች ልቅ ነው። ከትከሻ የሚወርደው ውሃ በዚህ ክዳን ጫፍ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል እንጂ ዋናውን ጨርቅ እየረጠበ ወደ ቀበቶው አይሄድም። የእጅ ጣት ከሥሩ ገብቶ ካልተንሸራሸረ ክዳን አይደለም፤ ክዳን ለማስመሰል የተሰፋ መስመር ነው። ከወገብ በታች ደግሞ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሰፊ ቅዳድ አለ። በመሃሉ ያለችው ቁልፍ ተዘግታ ስትቆይ ንፋስ አያስገባም፤ ስትከፈት ለረጅም እርምጃና ኮርቻ ላይ ለመቀመጥ ቦታ ይሰጣል።

ሦስት ካፖርቶች በአንድ መደርደሪያ

ልባሽ ጨርቅ በሚሸጥበት ተራ አንድ ገዢ ሦስት ካፖርቶች ተሰቅለው አገኘ እንበል። ሦስቱም አሸዋማ ቀለም አላቸው፤ ሻጩም ሦስቱንም «ትሬንች ነው» እያለ ያነሳል።

የመጀመሪያው ከሩቅ ሲታይ ሁሉ የተሟላለት ነው። ሁለት ረድፍ ቁልፍ፣ ቀበቶ፣ የትከሻ ማሰሪያና የደረት ክዳን አለው። ገዢው ኮሌታውን ያነሳዋል፤ የታችኛው ገጽ ስፌት የሌለው ስስ ጨርቅ ስለሆነ ይወድቃል። አንገቱ ላይ መንጠቆ የለም። ክንፎቹን ገልብጦ እስከ ጉሮሮ ሊዘጋ ቢሞክር የቁልፍ ቀዳዳ አያገኝም። የደረቱን ክዳን ሊያነሳው ሲል ዙሪያውን ተሰፍቷል፤ ላዩ ላይ ያለችው ቁልፍም ጨርቁን አልፋ የተሰፋች እንጂ የምትከፈት አይደለችም። የትከሻው ማሰሪያም እንደዚያው ነው። ይህ ካፖርት የትሬንች ኮትን መልክ ይዟል፤ ሥራውን ግን አይሠራም። ለውበት ለሚለብሰው ሰው ምንም ችግር የለበትም፤ በትሬንች ኮት ዋጋ መግዛት ግን ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው የተጨማደደና ቀበቶ የሌለው ነው፤ ሻጩም ርካሽ ብሎታል። ገዢው የጎን ስፌቱን ሲዳስስ የቀበቶ ማሾለኪያዎች ያገኛል። ካፖርቱ ቀበቶ አልነበረውም ማለት ሳይሆን ጠፍቶበታል ማለት ነው። የእጅጌው ጫፍ ላይም ማሾለኪያ አለ፤ ማሰሪያው የለም። ኮሌታው ሲነሳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከሥሩ የጉሮሮ ማሰሪያው ተቆልፎ ተደብቋል። ክንፉ ከደረቱ ክዳን ሥር ገብቶ ይቆለፋል። የጀርባው ክዳን ልቅ ነው። ውስጡ ሲታይ በገበሩ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቁልፎች ተደርድረዋል፤ ለብርድ ጊዜ የሚጨመር ወፍራም ገበር ይያዝባቸው ነበር። ይህ እውነተኛው ትሬንች ኮት ነው። ቀበቶውን ቀለሙ ከሚቀርብ ጨርቅ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ሊሠራለት ይችላል፤ የማይቆም ኮሌታንና የማይከፈት ክዳንን ማስተካከል ግን ካፖርቱን ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው።

ሦስተኛው የኮሎምቦ ዘመድ ነው። ኮሌታው እንደ ሸሚዝ የተኛ፣ ቁልፎቹ በጨርቅ የተሸፈኑ፣ ትከሻው ባዶ፣ ወገቡ ልቅ ነው። ማሾለኪያም የለውም፤ ስለዚህ ቀበቶ አልጠፋበትም። ተራ የዝናብ ኮት ነው። ገዢው ውስጡን ሲገለብጥ ግን ስፌቶቹ በሙሉ ውሃ በማያስገባ ቀጭን ጥብጣብ ተለጥፈዋል።

ዝናቡን የሚያቆመው የቱ ነው?

ይህ ጥብጣብ የሚናገረው ነገር ብዙ ገዢዎች ከሚጠብቁት ተቃራኒ ነው። ከሦስቱ ካፖርቶች ከባድ ዝናብን በተሻለ የሚያቆመው ሦስተኛው ነው። መርፌ በጨርቅ ላይ በወጋ ቁጥር ቀዳዳ ይተዋል፤ ውሃም የሚገባው መጀመሪያ በስፌት መስመር በኩል ነው። ጨርቁ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ስፌቱ ካልታሸገ ልብሱ ውሃ ይቋቋማል እንጂ ውሃ አያስገባም አይባልም። የጋባርዲን ትሬንች ኮት ስፌቱ በአብዛኛው አይታሸግም፤ በምትኩ በደረትና በጀርባ ላይ በተደረቡት ክዳኖች ውሃውን ያዘናጋዋል።

ጨርቁን መሞከር ቀላል ነው። ጥቂት የውሃ ጠብታ በትከሻው ላይ ጣል ይደረግና ይታያል። ጠብታው ክብ እንደሆነ ቆሞ ሲነካ ከተንከባለለ የጨርቁ መከላከያ አለ ማለት ነው። ወዲያው ተዘርግቶ ጨርቁን ካጠቆረው መከላከያው አልቋል። መከላከያው በጊዜ ብዛትና በተደጋጋሚ እጥበት ይቀንሳል፤ በሳሙና ዱቄት የታጠበ ካፖርት ላይ የሚቀረው የሳሙና ቅሪትም ውሃ እንዲጠጣ ያደርገዋል። ጋባርዲን የለበሰ ሰው ካፖርቱን ደረቅ እጥበት ለሚሠራ ላውንድሪ ሲሰጥ፣ ውሃ የሚከላከለው ነገር ተመልሶ እንዲቀባለት ማስታወስ አለበት። ስፌቱ በጥብጣብ በታሸገው የዝናብ ኮት ላይ ደግሞ መታየት ያለበት የጥብጣቡ ጠርዝ ነው፤ ሙቅ ካውያና ጠንካራ ኬሚካል ማጣበቂያውን ስለሚያላቅቁት፣ ጠርዙ መነሳት የጀመረ ኮት በዚያው መስመር ያፈሳል።

የሐምሌ ዝናብ አዲስ አበባ ላይ ሲወርድ ሥራ ቦታው ድረስ በእግሩ ለሚሄድ ሰው በጥብጣብ የታሸገው ተራ ኮት ይሻለዋል፤ የሚያስቸግረው ዳገት ሲወጣ ላቡ ከውስጥ መያዙ ነው። የካፊያና የንፋስ ቀን ለሚበዛበት፣ ወይም ከመኪና ወርዶ ቢሮ እስኪገባ ብቻ ዝናብ ለሚነካው ሰው ጋባርዲኑ ይመቸዋል፤ ውስጥ ገብቶም ሳያወልቀው ሊቀመጥ ይችላል። ትሬንች ኮት የመረጠ ሰው ግን ከመክፈሉ በፊት አንድ ጊዜ ሙሉውን ዘግቶ ማየት አለበት፤ ኮሌታውን አንስቶ፣ ክንፉን ከደረቱ ክዳን ሥር አስገብቶ፣ መንጠቆውን ይዞ፣ የእጅጌውን ማሰሪያ አጥብቆ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል። በዚህ ጊዜ ጉሮሮው ላይ ክፍተት ከታየ ወይም ብብቱ ከሳበው፣ ልኩ አይደለምና ሌላ ቁጥር ይጠይቅ።